አርኬድ ስቲኩ ለምን ስምንት ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል? ኮንሶልና ዩኤስቢ

(ምስል፦ ዱላና ስምንት ቁልፍ የተገጠመበት ሳጥን። ውስጡ ቁልፎቹን የሚያነብ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የተባለ ትንሽ ቦርድ አለ። ገመዱ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ተሰክቷል።)

ይህ ቤት ውስጥ የተሠራ አርኬድ ስቲክ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ቁልፍ ይሠራል። ፕሌይስቴሽን 4 ላይም ስትሰኩት ወዲያው ይነሳል፤ ሜኑው ይታዘዛል፣ ጨዋታው ይጀምራል። ስምንት ደቂቃ ሲሞላው ግን ግጥሚያው መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ነቅላችሁ መልሳችሁ ብትሰኩት እንደገና ይነሳል፣ ለሌላ ስምንት ደቂቃ።

ብየዳውን ለመፈተሽ ሳጥኑን አትክፈቱ። የላላ ገመድ ሰዓት አይቆጥርም፤ አንዴ በሁለት፣ አንዴ በሃያ ደቂቃ ነው የሚያቋርጠው። ሁልጊዜ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከሆነ የሚያባርራችሁ ራሱ ኮንሶሉ ነው።

(ምስል፦ የዩኤስቢ ሶኬት በቅርበት።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኤስቢ ላይ የተሰካ ዕቃ መጀመሪያ ራሱን ያስተዋውቃል፦ «ኪቦርድ ነኝ»፣ «ማውስ ነኝ»፣ «የጨዋታ መቆጣጠሪያ ነኝ»። ለኪቦርድና ለማውስ ይህ ብቻ ይበቃል፤ ቋንቋቸው በሁሉም ዘንድ አንድ ስለሆነ የየትኛውም ፋብሪካ ኪቦርድ ኮንሶሉ ይገባዋል። ጆይስቲክ ሲሆን ግን ፕሌይስቴሽን 4 መታወቂያ ይጠይቃል። በዘፈቀደ የመረጠውን ቁጥር ይልካል፤ ፈቃድ ያለው ጆይስቲክ ውስጡ በተቀመጠ ምስጢራዊ ኮድ ቁጥሩን ፈርሞ ይመልሳል። የእኛ ፒኮ ያ ኮድ የለውም። ስለዚህ ኮንሶሉ ስምንት ደቂቃ ታግሦ ይዘጋዋል። ኮምፒውተር ይህን ጥያቄ ስለማይጠይቅ እዚያ ችግሩ አይታይም። ፕሌይስቴሽን 3ም አይጠይቅም ነበር፤ ለዚህ ነው ድሮ ርካሹ ስቲክ ሁሉ ይሠራ የነበረው።

መፍትሔው ፊርማውን ከሌላ ዕቃ መዋስ ነው። ፒኮው ላይ GP2040-CE የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ካለ፣ ቦርዱ ላይ ሁለተኛ የዩኤስቢ ሶኬት ትበይዳላችሁ። አራት ገመድ ነው፦ አምስት ቮልት፣ መሬትና ሁለት የዳታ ገመዶች። ሁለቱ ዳታዎች ከተቀያየሩ የሚሰካው ዕቃ ጨርሶ አይታይም፤ መጀመሪያ የሚጣራው እሱ ነው። ከዚያ የስታርቱን ቁልፍ ተጭናችሁ ስቲኩን ኮምፒውተር ላይ ስኩ፤ ብራውዘር ላይ ይህን ጻፉ፦

```
http://192.168.7.1
```

በሚከፈተው ገጽ ላይ ሶኬቱ የተበየደባቸውን ፒኖች አስገቡ፤ የፕሌይስቴሽን 4 ማረጋገጫው በዩኤስቢ እንዲሆንም ምረጡ። ሶኬቱ ላይ ጥያቄውን መመለስ የሚችል አዳፕተር፣ ለምሳሌ ሜይፍላሽ ማጂክ ኤስ ፕሮ፣ ይሰካል። ኮንሶሉ ሲጠይቅ ፒኮው ጥያቄውን ወደ አዳፕተሩ ያሳልፋል፣ ፊርማውን ተቀብሎ ይመልሳል። ዘጠነኛው ደቂቃ ካለፈ ሠርቷል ማለት ነው።

(ምስል፦ ፕሌይስቴሽን 5።)

የተገዛ፣ ፈቃድ ያለው የፕሌይስቴሽን 4 ስቲክ ያላችሁ ደግሞ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ሌላ ግድግዳ ይገጥማችኋል። ስቲኩ የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎችን ያጫውታል፤ የፕሌይስቴሽን 5 ጨዋታ ሲሆን ግን ጨዋታው ራሱ ካልፈቀደ አይሰማም። ስትሪት ፋይተር 6 ይፈቅዳል። የማይፈቅድ ጨዋታ ከገጠማችሁና የፕሌይስቴሽን 4 ቅጂ ካለው እሱን ጫኑ። ስቲኩ ጎን ላይ የኮንሶል መምረጫ ማብሪያ ካለም ከመሰካታችሁ በፊት አስተካክሉት፤ ተሰክቶ እያለ መቀየር ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ኪቦርድና ማውስ። የኪቦርድ ችግር መታወቂያ አይደለም፣ ጨዋታው ነው። ስሙን ወይም የይለፍ ቃሉን የምትጽፉበት ቦታ ላይ ፊደል ከወጣ ኮንሶሉ ተቀብሎታል። ጨዋታው ውስጥ ገብታችሁ ምንም ካልሆነ ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ኪቦርድ እንዲያዳምጥ አላደረጉትም፤ ሴቲንግ ብታገላብጡም አይመጣም። ፎርትናይት ፕሌይስቴሽን ላይ ያዳምጣል፣ ፋይናል ፋንታሲ 14ም እንዲሁ። ኤክስቦክስ ዋን ለጨዋታዎች ይህን በር የከፈተው በኅዳር 2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ እዚያም ቢሆን የሚወስነው እያንዳንዱ ጨዋታ ነው።

ማውሱን እንደ ጆይስቲክ የሚያስመስሉ አዳፕተሮች አሉ። ኮንሶሉን ያታልላሉ፣ ጨዋታውን ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ ሬይንቦው ሲክስ ሲጅ ከ2023 ጀምሮ ማውስትራፕ በተባለ ዘዴ እነዚህን እየለየ ትዕዛዛቸውን ያዘገያል። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የምትጫወቱትን ጨዋታ ደንብ አንብቡ።

ኤክስቦክስ ላይ ያልተፈቀደ ዕቃ ከሰካችሁ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ቁጥሩም 0x82d60002 ነው። ይህን ካያችሁ ገመድ መቀየርም ሆነ ሶኬት መቀየር አይረዳም። ምንም ጽሑፍ ሳይመጣ የኪቦርዱ መብራት ብልጭ እያለ የሚጠፋ ከሆነ ግን ጉዳዩ ኤሌክትሪክ ነው፦ መደበኛ የዩኤስቢ 2 ሶኬት እስከ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፣ መብራት የበዛበት ኪቦርድ ከማውስ ጋር በአንድ ሃብ ሲሰካ ሊያልፈው ይችላል። የራሱ ቻርጀር ያለው ሃብ ተጠቀሙ፣ ወይም የኪቦርዱን መብራት ቀንሱ።