የሚያፈስ የፕላስቲክ ታንከር፦ መለጠፍ ወይስ መቀየር?

[ምስል፦ በታንከር ጎን ላይ ቀስ እያለ የሚወርድ ውሃ]

ታንከር ማፍሰስ ሲጀምር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ማጣበቂያ ነው። ሱፐር ግሉ ይንጠባጠብበታል፣ ሲሊኮን ይቀባል። ብዙ ሳይቆይ ልጥፉ እንደ ቅርፊት ተላቆ ይወድቃል። የሠሪው ጥፋት አይደለም። አብዛኞቹ የፕላስቲክ ታንከሮች የሚሠሩት ከፖሊኢትሊን ነው፤ ፖሊኢትሊን ደግሞ ተራ ማጣበቂያ አይይዝበትም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ቦታ በትክክል እንለይ። ታንከሩን በጨርቅ አድርቁትና ጠብቁ። ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ መሬት ላይ ያለው እርጥበት ብዙ አይነግራችሁም። መፈለግ ያለባችሁ ከሁሉም በላይ ቀድሞ የሚረጥበውን ነጥብ ነው።

እርጥበቱ የጀመረው ቧንቧው ከታንከሩ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው ጎሚኒው ነው። ውሃውን ከቀዳዳው በታች አውርዱ፣ ዳዶውን ፍቱ፣ ጎሚኒውን ቀይሩ። መልሳችሁ ስታጠብቁ አትታገሉት፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ግድግዳው ራሱ ይሰነጠቃል።

[ምስል፦ በታንከር ግድግዳ ላይ ያለ ስንጥቅ በቅርበት]

ከባዱ ይሄኛው ነው። 1,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር እንውሰድ። ከሥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጎኑ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ተሰንጥቋል። ሲሞላ ከስንጥቁ በላይ 1 ሜትር ውሃ ይቆማል። በውጭ በኩል 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልጥፍ ብታደርጉ፣ ውሃው ከሥሩ ከገባ በኋላ 10 ኪሎ በሚያህል ኃይል ወደ ውጭ ይገፋዋል። ልጥፉን የሚያላቅቀው ይሄ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ ውሃውን ከስንጥቁ በታች ማቆየት ነው። የታንከሩን ተንሳፋፊ ኳስ ዝቅ አድርጉት። ስንጥቁ ሥር አካባቢ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም።

ያኔ ታንከሩን ባዶ አድርጉና ቦታውን አድርቁ። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በ4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አንድ አንድ ቀዳዳ ብሱ። የሚያፈስን ታንከር ደግሞ መብሳት ግራ ያጋባል፤ ግን ስንጥቅ የሚሮጠው ከሹል ጫፉ ነው። ጫፉ ክብ ሲሆን ጉልበቱ ይበተናል። ከዚያ ውሃው ልጥፉን ወደ ግድግዳው እንዲጫነው በውስጥ በኩል ዙሪያውን በአሸዋ ወረቀት አሻክሩ፣ አቧራውን በአልኮል ጥረጉ፣ ቡታይል የሚባለውን የጎማ ቴፕ ለጥፉ። ቴፑ ከስንጥቁ በየአቅጣጫው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። በደንብ ተጫኑት።

በመጨረሻ የማይለቅ ማርከር አንሱና በውጭ በኩል በሁለቱ ጫፍ ካሉት ቀዳዳዎች ቀጥሎ መስመር አስምሩ። ቀኑንም ጻፉበት። በየጥቂት ቀኑ እዩት። ስንጥቁ መስመሩን ካለፈ ልጥፉ ቢይዝም ታንከሩ አብቅቶለታል።

ሌላም ምልክት አለ። ፀሐይ የሚመታውን ጎን በእጃችሁ እሹት። ነጭ ዱቄት ከለቀቀ፣ ወይም ላዩ ላይ እንደ መረብ የተበተኑ ቀጭን ስንጥቆች ካያችሁ፣ ፕላስቲኩ በፀሐይ ደርቋል። ዛሬ አንዱን ብትለጥፉ ነገ ከጎኑ ሌላ ይከፈታል። ስንጥቁ ወደ ታችኛው ጠርዝ ወይም ወደ ወለሉ ከዘለቀም አትለጥፉ። ባለ 1,000 ሊትር ሙሉ ታንከር 1 ቶን ውሃ ይዟል፤ ድንገት ቢፈነዳ ሥሩ ያለን ሰው ይጎዳል። አዲሱን ከማስቀመጣችሁ በፊት መቀመጫውን እዩ። ወጣ ገባ ከሆነ ወይም ከታንከሩ ወለል ካነሰ አስተካክሉት፤ አለበለዚያ አዲሱም ይሰነጠቃል።

[ምስል፦ የሚንጠባጠብ የፒቪሲ ኤልቦ]

የፒቪሲ ቧንቧ መጋጠሚያ፣ ለምሳሌ ቧንቧው የሚታጠፍበት ኤልቦ፣ ሲያፈስ ደግሞ ሌላ ነው። የፒቪሲ ማጣበቂያ የሚይዘው ሁለቱን ገጽ በትንሹ አቅልጦ በማዋሃድ ነው። በውጭ በኩል ቢቀባ ወደ ክፍተቱ ገብቶ አያዋህድም። ለጊዜው ውሃውን ዝጉ፣ አድርቁ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ጠምጥሙ። ከመጋጠሚያው በፊት ካለው ጤነኛ ቧንቧ ጀምሩ። ላስቲኩን በደንብ እየሳባችሁ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ እየሸፈነ ይሂድ። ጫፉን በሽቦ እሰሩት።

ይሄ ለጥቂት ቀን ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ላለ ቧንቧማ ጭራሽ አይሆንም፤ ቢያፈስ አታዩትም። ኤልቦው ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለው፣ ወይም ላስቲኩ እንደገና ከረጠበ፣ ከግራና ቀኝ ቆርጣችሁ አውጡት። አዲሱን ስታስገቡ ቧንቧው ደረቅ ይሁን። ማጣበቂያውን ሁለቱም ገጽ ላይ ቀቡ፣ ሩብ ዙር እያዞራችሁ እስከ መጨረሻው ግፉት፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አትልቀቁት። ውሃውን የምትከፍቱት ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት ሲሞላ ነው።