ጠዋት 4፡20 ወይስ ሌሊት 10፡20?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ከዚህ አዳራሽ ብዙም በማይርቀው በደጎል አደባባይ ስላጋጠመኝ ነገር ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሚኒባስ ገጨኝ። ሰው አልተጎዳም፤ የመኪናዬ የፊት ፓራፋንጎ ግን ተጨማደደ። ካሜራዬ ከጎኔ ስለነበር ወርጄ ሦስት ፎቶ አነሣሁ። ረዳቴም በስልኩ አንድ አነሣ። ለኢንሹራንስ ቅጹን ስሞላ ሰዓቱን «ከጠዋቱ 4፡20» ብዬ ጻፍኩ፤ ከካሜራው የወጡትንም ፎቶዎች በፍላሽ አስረከብኩ።

ከሳምንት በኋላ ተጠራሁ። የካሳ ክፍሉ ባለሙያ ፎቶው ውስጥ የተቀመጠውን መረጃ፣ ኤክዚፍ የምንለውን፣ ከፍቶ አንብቦታል። `DateTimeOriginal` በሚለው መስመር ላይ `2024:12:14 04:20:31` ይላል። እሱም በዓለም አቀፉ አቆጣጠር አሰላው፦ 04:20 ማለት በእኛ ሌሊት 10፡20 ነው። «ጠዋት ነው ብለሃል፤ ፎቶው የሚለው ግን ሌሊት ነው» አለኝ። ክው አልኩ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ካሜራውን የገዛሁ ዕለት ጠዋት ሰዓቱን የሞላሁት እጄ ላይ ያለውን የሐበሻ ሰዓት አይቼ ነው። ካሜራ ደግሞ የተሰጠውን ቁጥር ከመቀበል በቀር የማን አቆጣጠር እንደሆነ አይጠይቅም። ስለዚህ ያ መስመር የተነሣበትን ጊዜ ሳይሆን በዚያ ቅጽበት የካሜራው ሰዓት ምን ይል እንደነበር ብቻ ነው የሚነግረን። የኔው ከትክክለኛው 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ይህ ስሕተት ቀንም ያዛባል፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያነሣሁት ሰርግ በፋይሉ ላይ ካለፈው ቀን 20:00 ሆኖ ነው የተመዘገበው።

ታዲያ እንዴት ተረጋገጠ? በረዳቴ ስልክ ነው። ስልክ ሰዓቱን ከኔትወርክ ስለሚወስድ እንደኔ አይሳሳትም፤ ከዚያም በላይ ጂፒኤሱ ክፍት ከሆነ ሁለተኛ ሰዓት ይመዘግባል። ስክሪኑን ተመልከቱ፦

```
DateTimeOriginal   : 2024:12:14 10:20:08
OffsetTimeOriginal : +03:00
GPSTimeStamp       : 07:20:06
```

የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ሰዓት ነው። ሁለተኛው ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት እንደምንቀድም ይናገራል። ሦስተኛው ከሳተላይት የመጣ ሲሆን ሁልጊዜ በዚያ መነሻ ሰዓት ይጻፋል። 07:20 ላይ 3 ደምሩ፣ 10:20 ይመጣል፤ እሱም የእኛ ጠዋት 4፡20 ነው። በትክክል በተሞላ መሣሪያ ላይ የአዲስ አበባ ሰዓት ከጂፒኤሱ በ3 ይቀድማል። በ3 ወደ ኋላ ቀርቶ ካገኛችሁት በሐበሻ ሰዓት የተሞላ መሆኑን ጠርጥሩ።

ቦታውስ? የስልኩ ፎቶ 9 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ ይላል። በዚህ ብቻ ፒያሳ አካባቢ መሆናችንን እናውቃለን እንጂ አደባባዩን አንለይም፤ አንድ ደቂቃ ወደ 1.85 ኪሎ ሜትር ይሸፍናልና። አደባባዩን የሚለየው ቀጥሎ ያለው ሴኮንድ ነው፤ እያንዳንዱ ወደ 31 ሜትር ገደማ ነው። በፎቆች መካከል ግን ጂፒኤስ በአሥሮች ሜትር ሊስት ይችላል። አንዳንዴም ስልኩ ቀደም ሲል የነበረበትን ቦታ ይጽፋል። ይህን የምታውቁት የጂፒኤሱ ሰዓት ፎቶው ከተነሣበት ሰዓት በብዙ ደቂቃ ወደ ኋላ ሲቀር ነው። በእኛው ፎቶ ላይ ልዩነቱ ሁለት ሴኮንድ ነው፤ ስለዚህ ቦታው ትኩስ ነው። ይህም ቢሆን አንሺው የቆመበትን እንጂ የተነሣውን ነገር ቦታ አይናገርም። ከፒያሳ ሰገነት ላይ እንጦጦን ብታነሡ ፋይሉ ፒያሳ ይላል።

ፎቶውን ለባለሙያው በቴሌግራም ላክሁለት፤ «ምንም መረጃ የለውም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ አሳንሶ ኤክዚፉን ያጠፋል። እንደ ፋይል ስልከው ሁሉም ደረሰው። ቤታችሁ ያነሣችሁትን የልጅ ፎቶ ለማታውቁት ሰው እንደ ፋይል ስትልኩም የቤታችሁ አድራሻ አብሮ ይሄዳል፤ እባካችሁ ይህን አትርሱ።

ባለሙያው ግን ሌላም ነገር ጠየቀኝ፤ ልክም ነበር። «ይህን ቁጥር ማንም በፕሮግራም ሊቀይረው አይችልም?» አለ። ይችላል፤ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይቀየራል። ስለዚህ ፎቶዎቹን ራሳቸውን አየናቸው። በታኅሣሥ ፀሐይ አዲስ አበባ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ሌሊት 10፡20 ጨለማ ነው። በኔ ፎቶ ላይ ግን የመብራት ምሰሶው ጥላ አስፋልቱ ላይ ቁልጭ ብሎ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወድቋል። በዚያ ወር ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ስለምትሆን ጥላው መውደቅ ያለበት ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ጉዳዩ በዚህ ተፈታ፤ ካሳውም ተከፈለኝ።

ዋናውን ፋይል አላረምኩትም። ብነካው ኖሮ ማስረጃው ይጠረጠር ነበር። ያደረግሁት የስልኬን ሰዓት በካሜራዬ ፎቶ አንሥቼ ማያያዝ ነው፤ በፎቶው ላይ የሚታየው ሰዓትና ፋይሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት ጎን ለጎን ሲነበቡ የ6 ሰዓቱ ልዩነት ይታያል። ካሜራ የያዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ይህንኑ አድርጉ፤ እኔም በር ላይ እጠብቃችኋለሁ፣ አብረን እናነበዋለን።