ልጁ በጣቱ ሊያሳየን የማይችለው ረድፍ ይውጣ

የተከበራችሁ የአንደኛ ክፍል መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣

ዛሬ የተሰበሰብነው ልጆቹ በየቀኑ ስዕል ስለው ዓረፍተ ነገር ለሚጽፉበት ደብተር መመዘኛ ለመወሰን ነው። ባለፈው «ጽዳት» የሚለው ረድፍ ይኑር ወይስ ይውጣ ብለን ተከራክረን ሳንስማማ እንደተለያየን ታስታውሳላችሁ። እኔ የመጣሁት ይውጣ ልል ነው።

መመዘኛው የልጁም ነው ካልን፣ ልጁ ገጹን አይቶ «ይኸው፣ እዚህ ጋ» ብሎ በጣቱ ሊያሳየን ይገባል። የሳለውን ያሳያል፤ በቃላቱ መካከል የተወውን ክፍተት ያሳያል። ጽዳትን ግን የቱ ጋ ያሳይ? ደግሞ ገጹን የሚያቆሽሸው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ የጻፈውን መልሶ አንብቦ፣ ስህተቱን አይቶ፣ በላጲስ አጥፍቶ እንደገና የጻፈው ልጅ ነው! ነጥብ የምንቀንሰው እንዲያደርገው የለመንነውን ስላደረገ ነው። ልጁም ቶሎ ይገባዋል፤ ላለማጥፋት ሲል እርግጠኛ የሆነባቸውን ቃላት ብቻ መርጦ «ይህ ውሻ ነው»፣ በማግስቱ «ይህ ድመት ነው» እያለ ይከርማል።

እኔ የማቀርበው አራት ረድፍ ብቻ ነው። እያንዳንዱ በልጁ አንደበት የተጻፈ ሆኖ ከጎኑ ሦስት ባዶ ክቦች አሉት፤ ልጁ እስከደረሰበት ድረስ ያቀልማል። የሚያለቅስ ፊትና የሚስቅ ፊት አናድርግ፤ ልጁ የሚያለቅሰውን ፊት ራሴ ነኝ ብሎ ነው የሚወስደው። ረድፎቹ እነዚህ ናቸው፦ «ስዕሌ ማን፣ የት፣ ምን እንደሚያደርግ ያሳያል»፤ «ዓረፍተ ነገሬ ስለ ስዕሌ ይናገራል»፤ «የጻፍኩትን ሌላ ሰው ማንበብ ይችላል»፤ «በቃላቴ መካከል ትንሿ ጣቴ ትገባለች»።

አንድ ገጽ እንመዝን። ልጅቷ አንድ ውሻ ስላለች፤ አፉ ውስጥ የተጨማደደ ኳስ አለ፤ ከኋላው አጥርና በር ይታያል። ከስሩ «ውሻውኩዋሱንነከሰ» ብላ ጽፋለች። በቀይ እስክሪብቶ ከሄድንበት ገጹ በሙሉ ስህተት ነው። በረድፎቹ እንሂድ። ስዕሉ ማን፣ የት፣ ምን እንደሚያደርግ ያሳያል፤ ሦስት ክብ። ቀለም አልቀባችውም፣ የውሻው እግርም አምስት ነው፤ እሱ አይቆጠርም። ዓረፍተ ነገሩ ስዕሉን ይናገራል፤ ሦስት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው የምንጨቃጨቀው። «ኳ»ን «ኩዋ» ብላ ጽፋለች። ይህች ልጅ ድምፁን ሰምታ፣ ከፍላ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ፊደል ፈልጋ አግኝታለች! የቀራት «ኳ» የሚባል አንድ ፊደል መኖሩን ማወቅ ብቻ ነው፤ እሱን በነገው ትምህርት እናሳያታለን። ጮክ ብሎ የሚያነበው ሁሉ ምን እንዳለች ይገባዋልና ሦስት ክብ ይገባታል። ሁለት የሚሰጠው ከፊሉ ቃል ብቻ ሲነበብ ነው፤ አንድ ደግሞ የቃሉ መነሻ ፊደል ብቻ ሲገኝ። ክፍተት ግን የትም የለም፤ አንድ ክብ። ስለዚህ ከአሥራ ሁለት አሥር አገኘች፤ ከውጤቱ በላይ ደግሞ ነገ ምን እንደምትለማመድ እሷም እኛም አወቅን።

ክፍተት ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ልጅ ጣቱን በየፊደሉ መሃል ያስገባና «ው ሻ ው» ብሎ ይጽፋል። ጣቱ ሁሉም ጋ ስለምትገባ ሦስቱንም ክብ ያቀልማል። እንዲህ ሲሆን ዓረፍተ ነገሩን በቃሉ እንዲናገርና ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጊዜ እንዲያጨበጭብ አድርጉት። ሦስት ጊዜ አጨብጭቦ ገጹ ላይ ዘጠኝ ቁራጭ ካገኘ፣ የቱን ከየቱ ማጣበቅ እንዳለበት ራሱ ያገኘዋል።

«ልጆቹ ሁሉንም ክብ ያቀልማሉ» የሚል ስጋት ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያቀልማሉ። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ «አሳየኝ» በሉት። ማሳየት ያልቻለውን ክብ ራሱ ያጠፋዋል። መምህሩ በሌላ ቀለም ከጎኑ ያቅልምና በተለያዩበት ረድፍ ላይ ብቻ ይነጋገሩ። ክፍሉን በሙሉ በአንድ ቀን መጨረስ አያስፈልግም፤ በየቀኑ ጥቂት ልጆችን እያዳረሱ መሄድ ይበቃል።

ገና መጻፍ ያልጀመረ ልጅ ሲናገር መምህሩ ይጻፍለት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ይመዘኑ፤ የቀሩት ባዶ ይተዉ እንጂ ዜሮ አይሰጥባቸው። የዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ አራት ነጥብ ለምን የለም ላላችሁኝ፦ ክፍተቱ ሲለመድ ያ ረድፍ ወጥቶ አራት ነጥብ በቦታው ይገባል፤ አምስተኛ ረድፍ ግን አንጨምር።

ረቂቁ ፊት ለፊታችሁ አለ። «ጽዳት» እንዲኖር የምትፈልጉ፣ ልጁ ገጹ ላይ የቱ ጋ እንደሚያሳየው ንገሩንና ድምፅ እንስጥ።

አመሰግናለሁ።