ስምንት ሳጥን፣ ስምንት ደቂቃ፣ አንድ ሌሊት

እንደምን ዋላችሁ?

አንድ ኤ ፎር ወረቀት ውሰዱ። ሦስት ጊዜ እጠፉትና መልሳችሁ ዘርጉት። ስምንት ሳጥን ይወጣዋል። በየሳጥኑ አንድ ሐሳብ ትስላላችሁ፤ ለአንዱ የሚሰጣችሁ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ክሬዚ ኤይትስ የሚባለው ይኸው ነው።

ልምምዱን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከዲዛይን ስፕሪንት ነው፤ አዲስ ምርት አስቦ ለመሞከር ጉግል ቬንቸርስ ካስለመደው የአምስት ቀን አሠራር። እዚያ ማክሰኞ ይሳላል፣ ረቡዕ ይመረጣል። ብዙ ቡድን ግን ስዕሉን ይወስድና በመሃል ያለውን ሌሊት ይዘለዋል። ስምንተኛው ደቂቃ እንዳለቀ «እሺ፣ የቱ ይሻላል?» ይባላል። እኔ ዛሬ የምሟገተው ለዚያ ሌሊት ነው።

በምሳሌ እንየው። መድኃኒት መውሰጃ ሰዓትን የሚያስታውስ አፕ እየሠራን ነው እንበል። ጥያቄያችን «ደወሉን እንዴት እናሻሽል?» ከሆነ ስምንት ደወል ስለን እንነሳለን። ስለዚህ ጥያቄውን እንቀይረው፦ «ሰውየው የጠዋቱን ኪኒን መዋጡን ከሰዓት በኋላ በምን ያውቃል?» ይህን ወረቀቱ አናት ላይ እንጻፍና ሰዓቱን እንልቀቅ። መሳያው ወፍራም ማርከር ይሁን። ቀጭን እስክሪብቶ ከያዛችሁ ቁልፉን ስታሳምሩ ደቂቃዋ ታልቃለች።

አንደኛው ሳጥን ደወል ነው፤ የማንም ጭንቅላት መጀመሪያ የሚያመጣው እሱን ነው። ሁለተኛውም ደወል ነው፣ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። አትሰርዙት፣ እለፉ። ሦስተኛው ክዳኑ የሚበራ የኪኒን ማስቀመጫ። አራተኛው ለሰውየው ልጅ መልእክት ይልካል። አምስተኛው ላይ ጭንቅላት ባዶ ይሆናል። እዚህ ጋ ነው ሰው ቀና ብሎ የጎረቤቱን ወረቀት የሚያየው። አትዩ፤ የማይረባም ቢሆን ሳሉ። እኛ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰዓት ሳልን እንበል። ስድስተኛው ኪኒኑ ሲወሰድ አብሮ የሚቀደድ የቀን መቁጠሪያ። ሰባተኛው ኪኒኑ ካልተዋጠ አልከፈትም የሚል ስልክ። ስምንተኛው «ዋጠኝ!» ብሎ የሚጮህ ኪኒን።

ሰዓቱ አበቃ። አሁን ማንም አይፍረድ። በዚህ ሰዓት ሁሉም ሰው ደክሞታል። የሚስቅለት ያገኘ ሐሳብ ከሚገባው በላይ ይወደዳል፣ የአለቃው ሥዕል ደግሞ ማንም ሳያየው ያሸንፋል። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፤ ከየሳጥኑ ሥር አጭር ርዕስ ጻፉ። ይህ ካልተጻፈ ጠዋት «ይሄ ክብ ምን ነበር?» እየተባለ ግማሽ ሰዓት ይባክናል። ስማችሁን አትጻፉ።

በማግስቱ ወረቀቶቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። በማግስቱ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሳምንት ካለፈ ሣዩም ራሱ ይረሳዋል። መጀመሪያ ሁሉም ዝም ብሎ ይይ። ከዚያ እያንዳንዱን ሐሳብ ያልሳለው ሰው ያስረዳ። ማስረዳት ካቃተው ሥዕሉ አልተናገረም ማለት ነው፤ ያኔ ሣዩ ይናገር።

ቀጥሎ መለየት ነው። እኔ የምወደው ሦስት ክምር ነው፦ አሁኑኑ የሚሞከር፣ እንዳለ የማይሆን ግን ውስጡ ፍሬ ያለው፣ እና የሚቀር። ሥራው ያለው መካከለኛው ላይ ነው። የሚቆለፈውን ስልክ ውሰዱ። እንዳለ ቢሠራ አደገኛ ነው፤ ሰውየው በጭንቅ ሰዓት ስልኩን ቢፈልግስ? ግን «ፍሬው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ደወል ሰውየው ዋጠም አልዋጠም ጮኾ ያበቃል። ይህ ስልክ ግን መልስ ይጠብቃል። የሚቀደደው ቀን መቁጠሪያስ? ምልክት ትቶ ያልፋል፤ ከሰዓት ላይ ሲታይ የጠዋቱ ቦታ ጎድሎ ይገኛል። ሁለቱን አጋቧቸው። ደወሉ የሚቆመው ሰውየው ስልኩ ላይ «ጠዋት» የሚለውን ሳጥን ሲነካ ነው፤ የተነካው ሳጥን ደግሞ ከነሰዓቱ ቀኑን ሙሉ ይታያል። ሰውየው ተጠራጥሮ ሁለተኛ ከመዋጡ በፊት የሚያየው ነገር አገኘ። ሁለቱም የመጡት ጭንቅላት ባዶ ከሆነበት ከአምስተኛው ሳጥን በኋላ ነው። ያን ዕለት ማታ ቢመረጥ ግን ሰባተኛው በሳቅ ይወድቅ ነበር።

ስምንቱም ሳጥን የስልክ ስክሪን ብቻ ከሆነባችሁ ጥያቄው ጠቧል፤ ቀይራችሁ አንድ ዙር ድገሙ። ተጠቃሚውን ጭራሽ የማታውቁት ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን አስቀምጡና መጀመሪያ ሄዳችሁ አነጋግሩት። ክሬዚ ኤይትስ የሌለ መረጃ አይፈጥርም።

ያጋባነውን ሐሳብ አሁን በአንድ ሙሉ ገጽ፣ ረጋ ብለን እንስለዋለን። ያኔ አንድ ቀዳዳ ይታያል፦ ሳጥኑን መንካት ኪኒኑን መዋጥ አይደለም። ደወሉ ስለሰለቸው ብቻ ነክቶ የሚተኛ ሰው አለ። ለሰዎች ሰጥተን የምንሞክረው መጀመሪያ ይህንኑ ነው።

አመሰግናለሁ።