የሻይ ማንቆርቆሪያ ወይስ የአትክልት ማጠጫ? ኮምፒውተር የእጅ ንድፍን በመጀመሪያ ዕይታ የሚያነብበት መንገድ

[ምስል፦ ነጭ ወረቀት በጠረጴዛ ላይ። አንድ እጅ በእርሳስ ይስላል።]

ተራኪ፦ ይህ በእርሳስ የተሳለ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ነው። ሆዱ ሰፋ ያለ ነው፣ ከኋላው እጀታ አለው፣ ከፊቱ ረጅም ማፍሰሻ ወጥቷል፣ በማፍሰሻው ጫፍ ላይም ውሃው እንደ ዝናብ የሚወርድባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በነጥብ ተመልክተዋል። ከሥሩ፣ ወደ ወረቀቱ ግርጌ፣ ሦስት ቅጠል ያላት አንዲት ችግኝ አለች። ሰው ሲያየው አይሳሳትም።

[ምስል፦ ስልክ ወረቀቱን ያነሳል። በማያ ገጹ ላይ ጽሑፍ ይወጣል፦ «የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ የእርሳስ ንድፍ»።]

ተራኪ፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያው ግን ይህን አለ። ግማሹን አውቋል፣ ግማሹን ስቷል። የእርሳስ ንድፍ መሆኑን በትክክል ተናግሯል፤ ዕቃው ምን እንደሆነ ግን ተሳስቷል። እንዲህ ያለው ግማሽ ስህተት በዘፈቀደ አይመጣም። ከየት እንደመጣ ለማየት ፎቶው ወደ መሣሪያው ከገባ በኋላ የሚደርስበትን ነገር አብረን እንከተል።

[ምስል፦ ትልቁ ፎቶ እየተጨማደደ ትንሽ አራት ማዕዘን ይሆናል።]

ተራኪ፦ ስልኩ ያነሳው ፎቶ በወርዱ 3000፣ በቁመቱ 4000 ፒክስል ነው እንበል። ፒክስል ማለት ፎቶው የተሠራባት ትንሿ የቀለም ነጥብ ናት። መሣሪያው ይህን ሁሉ እንዳለ አይቀበልም። እንደ ምሳሌ የምንወስደው ክሊፕ የተባለውን ሞዴል ነው። በ2021 ይፋ ሆነ፣ 400 ሚሊዮን ምስሎችን ከነመግለጫ ጽሑፋቸው እያጣመረ የተማረ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ መሣሪያዎችም የእርሱን መንገድ ተከትለዋል። በብዛት ከሚሠራባቸው ዓይነቶቹ አንዱ የሚያየው በወርድም በቁመትም 224 ፒክስል የሆነ ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶው መጀመሪያ አጭሩ ጎኑ 224 ፒክስል እስኪሆን ድረስ ይጠብባል። ቁመቱ አሁንም ስለሚረዝም፣ መካከሉ ተወስዶ ከላይና ከታች ያለው ይቆረጣል።

[ምስል፦ ከፎቶው አናትና ግርጌ ሁለት ቁራጮች ይወድቃሉ። ችግኟ ከታችኛው ቁራጭ ጋር ትሄዳለች።]

ተራኪ፦ ከላይ አንድ ስምንተኛ፣ ከታች አንድ ስምንተኛ ሄደ። ችግኟ የነበረችው እዚያ ግርጌ ላይ ነው። «ይህ ዕቃ አትክልት ያጠጣል» የምትለው ዋናዋ ምስክር ገና ምንም ሳይታይ ከችሎቱ ወጣች።

የቀረውም ቢሆን እንደነበረ አልቀረም። ፎቶው የወረቀቱን ወርድ፣ 210 ሚሊሜትሩን፣ ከዳር እስከ ዳር ይዟል። በዋናው ፎቶ ላይ ለአንድ ሚሊሜትር 14 ያህል ፒክስል ይደርሰዋል፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ የእርሳስ መስመርም ሰባት ፒክስል ይይዛል። ከጠበበ በኋላ ግን ለአንድ ሚሊሜትር የሚደርሰው አንድ ፒክስል ብቻ ነው። መስመሩ የፒክስል ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ግማሽ ፒክስል ደግሞ የለም። ኮምፒውተሩ የመስመሩን ጥቁረት ከአጠገቡ ካለው ነጭ ወረቀት ጋር ቀላቅሎ አማካዩን ይወስዳል፤ የሚወጣው ፈዛዛ ግራጫ ነው። በማፍሰሻው ጫፍ ላይ የነበሩት ነጥቦች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊሜትር፣ እርስ በርስ ተዋህደው ጥላ የመሰለ እድፍ ብቻ ትተዋል።

[ምስል፦ ደብዛዛው ትንሽ ምስል ጎልቶ ይታያል። በላዩ ላይ ካሬ መረብ ይዘረጋል።]

ተራኪ፦ እስቲ ይህን ምስል እናንተም እዩት። ሆድ፣ እጀታ፣ ማፍሰሻ። እኔ ራሴ ማንቆርቆሪያ ብዬ ነበር። ሳቱ ብለን የምንወቅሳቸው መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ የፈረዱት እኛ ያላየነውን ምስል አይተው ነው።

አሁን ማየቱ ይጀምራል። ምስሉ እያንዳንዳቸው በወርድም በቁመትም 16 ፒክስል ወደ ሆኑ ካሬዎች ይከፋፈላል። በአግድም 14፣ በቁልቁል 14፣ በድምሩ 196 ካሬዎች። አንዱ ካሬ በወረቀቱ ላይ ሲለካ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ነው። እያንዳንዱ ካሬ ወደ ቁጥሮች ይለወጣል፤ ከዚያም በተከታታይ ደረጃዎች ካሬዎቹ እርስ በርስ ይመካከራሉ። እጀታ የያዘው ካሬ ማፍሰሻ የያዘው ካሬ የት እንዳለ የሚያውቀው በዚህ ምክክር ነው። በመጨረሻ ከጠቅላላው ምስል 512 ቁጥሮች ያሉት አንድ ረድፍ ይወጣል። በመጀመሪያ ዕይታ የሚገኘው ግንዛቤ ይኸው ረድፍ ነው። መስመር አልተቆጠረም፣ ክፍል አልተለየም፣ ልኬት አልተወሰደም። ጠቅላላው ሥዕል ወደ አንድ ስሜት ተጨምቋል ቢባል ያስኬዳል።

መሣሪያው «የእርሳስ ንድፍ» የሚለውን ያልሳተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነጭ ወረቀት፣ ቀጭን መስመር፣ ቀለም አልባነት፣ እነዚህ ሥዕሉ በደረሰበት ካሬ ሁሉ ተደጋግመው ይገኛሉ። ምስሉ ቢጠብም፣ ጠርዙ ቢቆረጥም አይጠፉም። የዕቃው ማንነት ግን በሁለት ወይም በሦስት ካሬዎች ላይ ተንጠልጥሏል፤ እነርሱ ከደበዘዙ የሚተካቸው የለም። ስለዚህ የአሣሣሉን ዓይነት የሚናገረውን ቃል ዕቃውን ከሚሰይመው ቃል ይልቅ አምናለሁ።

[ምስል፦ የቁጥሮቹ ረድፍ በግራ። በቀኝ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች፦ «የሻይ ማንቆርቆሪያ ንድፍ»፣ «የአትክልት ማጠጫ ንድፍ»፣ «የወፍ ንድፍ»።]

ተራኪ፦ ቁጥሮቹ ቃል የሚሆኑት እንዴት ነው? ሞዴሉ ጽሑፍንም ወደ ተመሳሳይ ረድፍ መለወጥ ይችላል። የቀረቡለትን መግለጫዎች አንድ በአንድ ይለውጥና ከሥዕሉ ረድፍ ጋር ያላቸውን ቅርበት ይለካል። ለማስረዳት ያህል እንዲህ እንበል፦ ማንቆርቆሪያ 0.27፣ ማጠጫ 0.25፣ ወፍ 0.20 አገኙ። ሁለቱ መሪዎች አንገት ለአንገት ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች እንዲህ እንዳሉ ለተጠቃሚው አይታዩም። በ100 ተባዝተው፣ ትንሹን ልዩነት በብዙ እጥፍ በሚያጎላ ስሌት ወደ መቶኛ ይለወጣሉ፤ በዚህ ስሌት የሁለት ነጥብ ልዩነት አንዱን ከሌላው ከሰባት እጥፍ በላይ ያደርገዋል።

[ምስል፦ 0.27 እና 0.25 ወደ 88 በመቶ እና 12 በመቶ ይለወጣሉ።]

ተራኪ፦ ማንቆርቆሪያ፣ 88 በመቶ። ቅድም ለጥቂት የተላለፉት ሁለት መልሶች አሁን አንዱ አሸናፊ፣ ሌላው ተሸናፊ ሆነው ቀረቡ። በዚህ ላይ መቶኛው የሚከፋፈለው በዝርዝሩ ውስጥ ባሉት ብቻ ነው። ማጠጫ ከዝርዝሩ ባይኖር ኖሮ ማንቆርቆሪያ ወደ መቶ በመቶ በተጠጋ ነበር። «ከእነዚህ አንዱም አይደለም» የሚል መልስ፣ ራሱ ካልተጻፈለት በቀር፣ መሣሪያው የለውም።

የምስል ጥያቄን በሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚመልሱት መሣሪያዎች ዝርዝር አያስፈልጋቸውም፤ ብዙዎቹም ከ224 ፒክስል የሰፋ ምስል ያያሉ። የእነርሱ አደጋ ሌላ ነው። መልሱን ቃል በቃል እየቀጠሉ ስለሚጽፉ፣ ቀድሞ የተጻፈው ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን ይጎትታል። «ይህ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው» ብሎ የጀመረ መሣሪያ፣ በማፍሰሻው ጫፍ ላይ ያለውን እድፍ «እየወጣ ያለ እንፋሎት» ብሎ ሊያስረዳ ይችላል። እንፋሎት ማንም አልሳለም። ከመጀመሪያው ግምት በኋላ የሚመጣው ዝርዝር ማብራሪያ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሥዕሉን እንደ አዲስ መመርመር ሲገባው ለመጀመሪያው ግምት ጠበቃ ይቆማል።

[ምስል፦ በወረቀቱ ጥግ ላይ እጅ «ሻይ» ብሎ ይጽፋል።]

ተራኪ፦ በወረቀቱ ላይ ጽሑፍ ካለም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2021 የክሊፕ ሠሪዎች ራሳቸው አንድ ፖም ላይ «አይፖድ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለጥፈው ለሞዴሉ አሳዩት፤ ሞዴሉም ፖሙን ትቶ አይፖድ ነው አለ። ሞዴሉ ማንበብ በሚችለው ፊደል የተጻፈ የጥግ ማስታወሻ ሥዕሉን ሊያሸንፍ ይችላል ማለት ነው። በእርግጥ «ሻይ» የሚለውን በእኛ ፊደል ብጽፍለት ያን ያህል ይሳሳታል ብዬ አልፈራም፤ የተማረው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው።

[ምስል፦ ወደ መጀመሪያው ፎቶ እንመለሳለን። ጣት ማጠጫውንና ችግኟን ብቻ በካሬ ከብቦ ይቆርጣል።]

ተራኪ፦ አሁን ያንኑ ፎቶ ሳንቀይር፣ ሥዕሉ ያለበትን ቦታ ብቻ ቆርጠን እንስጠው። ማጠጫውና ችግኟ አብረው 90 ሚሊሜትር በ90 ሚሊሜትር በሆነ ካሬ ውስጥ ይገባሉ። ያው 224 ፒክስል አሁን ለ90 ሚሊሜትር ብቻ ይከፋፈላል፤ ለአንድ ሚሊሜትር ሁለት ተኩል ያህል ይደርሳል። ግማሽ ሚሊሜትር የነበረው መስመር ከአንድ ፒክስል በለጠ። ነጥቦቹ ተለያዩ። ቁራጩ እኩል ጎን ስላለው ከላይም ከታችም የሚጣል ነገር የለም፣ ችግኟም ተመለሰች። በምሳሌያችን ማጠጫ 0.29፣ ማንቆርቆሪያ 0.25 ቢያገኙ፣ ማጠጫው 98 በመቶ ይሆናል።

[ምስል፦ ሁለቱ ትናንሽ ምስሎች ጎን ለጎን።]

ተራኪ፦ ሥዕሉ ያው ነው፣ ሞዴሉም ያው ነው፣ የተለየው ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር የደረሰው የፒክስል ብዛትና ሳይጣል የቀረው ክፍል ነው። መልሱ በእንዲህ ያለ ቁርጥ ብቻ ከተገለበጠ፣ የመጀመሪያው 88 በመቶ ስለ ሥዕሉ ብዙም አልነገረንም ማለት ነው። ቆርጣችሁ፣ ትንሽ አዙራችሁ፣ ብርሃኑን ጨምራችሁ ስትሰጡት መልሱ ካልተነቃነቀ ግን ግምቱ የሚጨበጥ ነገር ይዟል።

ሁሉም ቁርጥ አይጠቅምም። ሥዕሉን ከልክ በላይ አጥብቃችሁ ነጥቦቹን ብቻ ብታሳዩት፣ ሆዱና እጀታው ይጠፉና ወንፊት ነው ሊላችሁ ይችላል። መስመሩም እንደተሳለ ፈዛዛ ከሆነ መቁረጥ አያድነውም፤ መስመሩን በእስክሪብቶ እንደገና ማድመቅ ይሻላል። የእጃችሁ ጥላ በወረቀቱ ላይ ከወደቀ ደግሞ፣ ምስሉ ሲጠብ ጥላው ከፈዘዙት መስመሮች ይልቅ ጠቁሮ ሊታይ ይችላል፤ መሣሪያውም ጥላውን እንደ ሥዕሉ አካል ሊቆጥረው ይችላል።

ለራሳችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ ልዩ መሣሪያ አያሻም። በማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ ምስሉን አጭሩ ጎኑ 224 ፒክስል እስኪሆን አጥብቡት፣ ከዚያ በማያ ገጹ ላይ አጉልታችሁ ተመልከቱት።

[ምስል፦ የተጨማደደው የመጀመሪያው ምስል ማያ ገጹን ይሞላል። ከማፍሰሻው ጫፍ ላይ ግራጫ እድፍ ብቻ ይታያል።]