1,200 ብሯ የት ገባች?

የሽያጭ፣ የመጋዘንና የሂሳብ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ሰኞ ዩኤቲ፣ ማለትም ሲስተሙን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሚፈትኑበትን ሙከራ እንጀምራለን። ደንበኛ ካዘዘበት ሰዓት ገንዘቡ እስከሚሰበሰብበት ድረስ ያለውን ሥራ በአዲሱ ሲስተም ላይ የምትሞክሩት እናንተ ናችሁ። የሙከራውን እርምጃዎች የምትጽፉባቸውን ረቂቅ ስክሪፕቶች ትናንት ማታ አነበብኳቸው። «የሚጠበቅ ውጤት» በሚለው ዓምድ ብዙ ቦታ ላይ «ክፍያው በትክክል ይመዘገባል» ተብሎ ተጽፏል። ይቺ «በትክክል» የምትባል ቃል ድሮ በሠራሁበት ድርጅት አንዴ አቃጥላኛለች።

እዚያ ስክሪፕታችን 100 ካርቶን ሳሙና ይታዘዛል፣ ዕቃው ይወጣል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ገንዘብ ይገባል የሚል ነበር። ሁሉም አለፈ፤ ፈርመን ሥራ ጀመርን። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደንበኛ 100 ካርቶን አዘዘ፤ መጋዘን የነበረው 60 ብቻ ነው። ካርቶኑ በ1,000 ብር፣ 60,000 ሆነ፤ ቫት 15 በመቶ ሲጨመር ደረሰኙ 69,000 ብር። ሰውዬው ያመጣው ቼክ ግን የ67,800 ነው። ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ላይ 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ገዢው ከሻጩ ክፍያ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባውን ግብር፣ ያኔ ምጣኔው ያ ነበር፣ 1,200 ብር ቀንሶ የቀነሰበትን ደረሰኝ አያይዟል። ገንዘብ ያዧ ቼኩን አስገባች። የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን ግን የምታስገባበት ቦታ አጣች፤ 1,200 ብሯ በደንበኛው ላይ ዕዳ ሆና ተቀመጠች።

ማንም ልብ አላለም። ያው ደንበኛ እንዲህ 20 ጊዜ ሲገዛ ግን የሌለበት 24,000 ብር ዕዳ ተቆልሎበት፣ ሲስተሙ የዱቤ ጣሪያህን አልፈሃል ብሎ ትእዛዙን ዘጋበት። ደውሎ የተቆጣንን ቁጣ አልረሳውም። እውነቱም ከእሱ ጋር ነበር።

ስለዚህ ያንን የክፍያ እርምጃ እንደገና እንጻፈው። የሚጠበቀው ውጤት፦ ባንክ 67,800 ይገባል፣ የዊዝሆልዲንግ ተሰብሳቢ ሂሳብ 1,200 ይጨምራል፣ የደንበኛው ቀሪ ዕዳ ዜሮ ይሆናል፣ ያልተላከው 40 ካርቶን ትእዛዙ ላይ ክፍት ሆኖ ይታያል። ቁጥሮቹን ሲስተሙን ከመክፈታችሁ በፊት በካልኩሌተር አስልታችሁ ጻፉ። ስክሪኑ ያሳያችሁን አይታችሁ ከጻፋችሁት ሲስተሙ ራሱን ፈተነ ማለት ነው። ምጣኔውንም ከእኔ ታሪክ አትቅዱ፣ አሁን የሚሠራበትን ከሂሳብ ክፍል ውሰዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘብ ያዧ የምትፈትነው በራሷ የይለፍ ቃል ነው፤ በአስተዳዳሪው መግቢያ ሁሉም በር ስለሚከፈት ማን ምን እንደተከለከለ አይታይም። ሙከራው ለምሳሌ እርምጃ 7 ላይ ከወደቀ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ፣ ጻፉ፣ ቁሙ። ከተስተካከለ በኋላ ከ7 አትቀጥሉ፤ አዲስ ትእዛዝ ከፍታችሁ ከእርምጃ 1 ጀምሩ፣ ምክንያቱም የድሮው ትእዛዝ ስህተቱን ይዞ ነው የመጣው።

ረቂቆቹን እስከ ዓርብ 10 ሰዓት መልሱልኝ። «በትክክል» የሚል ያገኘሁበትን ሳላነብ እመልሰዋለሁ።