ፌስታሉን እንዳለ አምጡት

እንደምን ዋላችሁ? እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ከዚሁ ከደብረ ማርቆስም፣ ከደንበጫና ከቢቸና በኩልም ለመጣችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። በቴሌግራም ከሚደርሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ፤ የአንድ መድኃኒት ፎቶ፣ ከሥሩ ደግሞ «ይህ ለእናቴ ይስማማታል?» የሚል ጥያቄ። ልጁ አዲስ አበባ ነው፣ እናቱ ገጠር ናት፣ ፎቶውን ጎረቤት አንስቶ ልኮለታል። ስለ እናቱ ማሰቡ ደስ ይላል። ነገር ግን ጥያቄው በዚያ ፎቶ የሚመለስ አይደለም፤ እናቱ የምትወስደው ሁሉ የተጻፈበት ዝርዝር ያስፈልጋል። ፎቶው ለምን እንደማይበቃ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ምሳሌው የማንም ሰው ታሪክ አይደለም፤ ለማስረዳት ያቀናበርኩት ነው።

አንዲት የአርባ ዓመት እናት እንውሰድ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ ሳትታከም በመቅረቷ ጣጣው ልቧ ላይ ደርሶ ቫልቯ ተጎድቷል። ደም እንዳይረጋባት ማታ ማታ ዋርፋሪን 5 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። ጠዋት ሽንት የሚያስወጣውን ፉሮሴማይድ 40 ሚሊ ግራም ትውጣለች፤ ለልቧ ደግሞ ዲጎክሲን የሚባለው ትንሽ ክኒን አለ። በየአራት ሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። መርፌው ቤት ስለማይቀመጥ ማንም ፎቶ አያነሳውም። «ምን ትወስጃለሽ?» ስትባልም ትዝ አይላት ይሆናል።

ሁዳዴ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሆዷን ቆረጣት፤ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ ያዛት። አሜባ ነው ተብሎ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለሰባት ቀን ታዘዘላት። ወገቧንም እያመማት ስለነበር ዳይክሎፌናክ ገዝታ ጀምራለች። ልጇ የሚልክልኝ የሜትሮኒዳዞሉን ፎቶ ብቻ ነው።

በዚያ ፎቶ ብቻ ልመልስ ብል የምለው የታወቀ ነው፤ «ለአሜባ ደህና መድኃኒት ነው፣ ከምግብ በኋላ ትውሰደው፣ እስክትጨርስ ጠላና አረቄ ይቅርባት»። ከዚህ ውስጥ አንዲት ሐሰት የለችም። ለዚህች እናት ግን የሚያስከፍል ምክር ነው።

ዋርፋሪንን ከሰውነት የሚያስወግደው ጉበት ነው። ሜትሮኒዳዞል ይህን የጉበት ሥራ ያዘገየዋል። እሷ የምትውጠው ያው አንድ ክኒን ቢሆንም፣ ደሟ ውስጥ ያለው ዋርፋሪን ከቀን ወደ ቀን እየተጠራቀመ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን ምንም አይታይም፤ ለውጡ የሚመጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሆነ «ወሰደችው፣ ምንም አልሆነችም» ተብሎ ይታለፋል። ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካው አይኤንአር በሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ለአብዛኛው ሰው ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከ5 ሲያልፍ የመድማት አደጋው በጣም ይጨምራል።

እዚህ ላይ ዳይክሎፌናኩን ጨምሩበት። እሱ የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳል፣ ደምም ቶሎ እንዳይቆም ያደርጋል። ይህ ደግሞ አይኤንአሩ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ጨጓራዋ ሊደማ ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር ከድስት ውስጥ ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ጉበት በቫይታሚን ኬ ደም የሚያረጉ ነገሮችን እንዳይሠራ በማገድ ነው፤ ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው። ሁዳዴን ሙሉ ጎመን ስትበላ ከቆየች የዋርፋሪኗ መጠን የተስተካከለው ከጎመኑ ጋር ነው። አሁን ሆዷን ስላመማት ምግብ ዘጋት። ከዚያ ፋሲካ ገባ፣ ጎመኑ ቀረ፣ ዶሮው መጣ። ቫይታሚን ኬው ሲቀንስ ያው ክኒን ይበረታባታል። ጎመን አትብሉ እያልኩ አይደለም፤ የሚፈለገው ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ መጠን መብላት ነው። ጾም ሲገባና ሲፈታ ግን ሐኪም ማወቅ አለበት።

አሁን ደግሞ ፎቶው ውስጥ ጭራሽ ወደሌለው እንሂድ። ተቅማጥም ፉሮሴማይድም ከሰውነት ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ያስወጣሉ። ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲን በተለመደው መጠኑም ቢሆን መርዝ ወደመሆን ያደላል። ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መዝጋት፣ የልብ ምት መዛባት ይመጣል፤ አንዳንዱ ሰው ነገሩ ሁሉ ቢጫ ቢጫ ይመስለዋል። ማቅለሽለሹንና ምግብ መዝጋቱን ሁሉም «የአሜባው ነው» ይለዋል። ልጁ የላከው የሜትሮኒዳዞል ፎቶ በዚህኛው መጋጨት ውስጥ የለበትም።

መጋጨት የሚባለው ቢያንስ በሁለት ነገሮች መካከል ነውና በአንድ ፎቶ የምመረምረው ጥንድ የለኝም። ሦስት መድኃኒት ሲሆን ሦስት ጥንድ ይወጣል፤ ስድስት ሲሆን 15 ጥንድ። የዚህች እናት መድኃኒት መርፌው ሲቆጠር ስድስት ነው።

ፎቶው ራሱም ብዙ ጊዜ አይነበብም። ማሸጊያው በመቀስ ተቆርጦ ስሙ ያለበት ወገን ለሌላ ሰው ሄዷል። ወይም ክኒኑ ተፈልፍሎ በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሏል፤ የሚታየኝ ነጭ፣ ክብ ነገር ነው። ነጭና ክብ ክኒን ደግሞ ሞልቷል። ፎቶ አትላኩ ማለቴ ግን አይደለም፤ ስሙና ሚሊ ግራሙ የሚታይበት ፎቶ ዝርዝሩን ያለ ስህተት ለመጻፍ በጣም ይረዳል።

ዝርዝሩ የደብተር አንድ ገጽ ይበቃዋል። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ሰብስቡና እያንዳንዱን በየመስመሩ ጻፉ፤ ስሙን፣ ሚሊ ግራሙን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድና መቼ እንደተጀመረ። ማዘዣው ላይ ያለውን ሳይሆን በእርግጥ የሚወሰደውን ጻፉ። ግማሽ ክኒን ከሆነ ግማሽ፣ ሲያልቅባት ሦስት ቀን ከዘለለች መዝለሏን። ከዚያ ቤት ውስጥ የሌለውን ጠይቁ፤ ጤና ጣቢያ የሚወጋውን መርፌ፣ ክንድ ሥር የተቀበረውን የወሊድ መከላከያ፣ ከጎረቤት የተወሰደውን የራስ ምታት ክኒን።

ባለፉት ሁለት ሳምንታት የቆመውንም ጻፉ። ሜትሮኒዳዞሉ ሲያልቅ ጉበት ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፣ ዋርፋሪኑም መልሶ ይደክማል፤ በመካከል መጠኑ ተቀንሶላት ከነበረ አሁን ደም የመርጋት ስጋት ይመጣል። ጸበል ገብታ ክኒኑን ያቆመችም ካለች ቀኑ ይጻፍ። የምንጠይቀው ልንቆጣ አይደለም። መጠኗን የምናስተካክለው አይኤንአሯን አይተን ስለሆነ፣ ማቆሟን ካላወቅን ቁጥሩ የወረደው ክኒኑ አንሷት ይመስለንና እንጨምርባታለን።

ኮሶ፣ ለመድኃኒት ተብሎ በብዛት የሚበላ ነጭ ሽንኩርት፣ ከአዋቂ የተሰጠ ሥር፣ ሁሉም ይግባ። እኛ መጋጨት የምንፈትሽባቸው ሰንጠረዦች አብዛኛውን የአገራችንን ዕጽ አያውቁትም። ቀኑ ከተጻፈ ግን «ይህን የጀመረችው ሰኞ ነው፣ ድዷ መድማት የጀመረው ሐሙስ ነው» ብሎ ማገናኘት ይቻላል።

ዝርዝሩ ምርመራን አይተካም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው እንደ ሜትሮኒዳዞል ያለ መድኃኒት መጀመር ግድ ከሆነበት፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ አይኤንአሩ መለካት አለበት፤ ሲጨርስም እንዲሁ። ሐኪሙ የዋርፋሪኑን መጠን አስቀድሞ ሊቀንስ ይችላል። በራሳችሁ ግን አታቁሙት። ድድ ሲደማ፣ ነስር አልቆም ሲል፣ ሳይመታ ሰውነት ሲበልዝ፣ ሰገራ እንደ ቅጥራን ሲጠቁር ወይም ድንገት ከባድ ራስ ምታት ሲመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ለእኔ ፎቶ እየላካችሁ መልስ አትጠብቁ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ዛሬ ፌስታላችሁን የያዛችሁ ወደዚያ ጠረጴዛ ኑ፣ አብረን እንጽፋለን። ዋርፋሪን የምትወስዱና የወሳጅ ቤተሰብ የሆናችሁ ቅድሚያ አላችሁ። ሌሎቻችሁ በዚህ በኩል ተሰለፉ።